በር ላይ ጉዳይ አይጠየቅም

«እኔ አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ። ባለቤቴ የጎጃም ልጅ ነው። ባለፈው ወር አጎቱ ከነሚስታቸው ከደብረ ማርቆስ ወዲያ ካለ ገጠር ለዓይን ሕክምና መጡ። ማታ 1 ሰዓት ገደማ በር ተንኳኳ። ገና ከሥራ መግባቴ ነበር። ሳምኳቸውና ‹እንኳን ደህና መጣችሁ። ቀጠሮው ነገ ነው አይደል? ሪፈር ወረቀቱን ይዛችኋል? ስንት ቀን ነው የምትቆዩት?› አልኳቸው። ለመርዳት ብዬ ነው እንጂ ክፋት አልነበረኝም። ራትም ጥሩ አድርጌ አቅርቤያለሁ። አጎትየው ግን ሁለት ጊዜ ጎርሰው ‹በቃን› አሉ። በማግስቱ ከሐኪም ቤት ወደ ሌላ ዘመድ ቤት ሄዱ። ባለቤቴ ‹በር ላይ አባረርሻቸው› ብሎ ተቆጣኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ለኦፕራሲዮን ተመልሰው ይመጣሉ። ምን ማለት ነበረብኝ? አሁንስ ምን ላድርግ?» — ግራ የገባኝ

እህቴ፣ ክፋት እንዳልነበረሽ ገብቶኛል። ካነሳሻቸው ሦስት ጥያቄዎች ሁለቱ መነሳት ያለባቸው ናቸው። ጊዜያቸው ነው የተዛባው፤ ሁለት ሰዓት ያህል ቀደሙ። ሦስተኛው ግን፣ ያ «ስንት ቀን ነው የምትቆዩት» ያልሽው፣ በር ላይም ሆነ ራት ላይ አይጠየቅም። የገጠር ሰው ጆሮ ውስጥ ሲገባ «መቼ ነው የምትሄዱልኝ» ሆኖ ነው። አንቺ ስለ ፍራሽና ስለ አስቤዛ እያሰብሽ ይሆናል። እሳቸው የሰሙት ግን ሌላ ነው።

እስቲ ያን ቀን ከእነሱ በኩል እንየው። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአውቶቡስ የአንድ ቀን መንገድ ነው ትያለሽ። የእነሱ መንገድ ግን አውቶቡስ ላይ አልጀመረም። ከገጠር የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከቤቱ የሚወጣው በዋዜማው ነው። በእግር ወይም በባጃጅ አስፋልቱ ድረስ ይመጣል። ከተማ ዘመድ ካለው እዚያ ያድራል፤ ከሌለው አልጋ ይይዛል። አውቶቡሱ ንጋት ላይ ስለሚወጣ ከሌሊቱ 10 እና 11 ሰዓት ላይ ተነስቶ መናኸሪያ ይቆማል። እንዳያመልጠው እየሰጋ በቅጡ እንቅልፍ አይወስደውም።

ከዚያ ዓባይ በረሃ አለ። ከደጀን ወደ ታች ተጠማዝዞ ይወረድና ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ጎሐ ጽዮን ይወጣል። ከላይ ብርድ ነው፣ ከታች ሙቀት ነው፣ ከዚያ እንደገና ብርድ። ከፍታው ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወርዶ ተመልሶ ይወጣል። ጆሮ ይደፈናል፤ ጠመዝማዛውን ያልለመደ ሰው ያቅለሸልሸዋል። ትልልቅ ሰዎች ደግሞ መንገድ ላይ ውሃ አይጠጡም። ሽንቴ ይመጣብኛል፣ ሹፌሩን አስቁምልኝ ማለት ያሳፍረኛል ብለው ነው። በተለይ ሴቶቹ። ስለዚህ የባለቤትሽ አጎትና ሚስታቸው በርሽን ሲያንኳኩ ምናልባት ከንጋት ጀምሮ ውሃ በአፋቸው አልዞረም።

ደግሞ ልብ በዪ፤ ንጋት ላይ የተነሳ አውቶቡስ ከሰዓት በኋላ አዲስ አበባ ይገባል። እነሱ ቤትሽ የደረሱት ማታ 1 ሰዓት ነው። መካከል ላይ ያሉት ሰዓታት የት ሄዱ? ታክሲ ሲያፈላልጉ፣ ሲሳሳቱ፣ ኮንዶሚኒየሙን «ብሎክ ስንት ነው» እያሉ ሲዞሩ ነዋ። ዓይኑ ደህና ላልሆነ ሽማግሌ ከመናኸሪያ እስከ ቤትሽ ያለው ከዓባይ በረሃ ይብሳል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል፦ ባልሽ የት ነበር? «አባረርሻቸው» ከማለቱ በፊት መናኸሪያ ሄዶ መቀበል ነበረበት። ይህን ደብዳቤ አሳዪው፤ እኔ ነኝ ያልኩት።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልመለስ። «የመጣችሁበት ጉዳይ» በር ላይ የማይጠየቅበት ከድካም ሌላ አንድ ምክንያት አለ። የከተማ ልጆች ብዙ ጊዜ አያውቁትም። ምክንያቱ መርዶ ነው።

ልጅ እያለሁ አንድ ማታ የእናቴ አጎት ልጅ ከገጠር መጣ። ሳይታሰብ ነበር። እናቴ በሩን ከፍታ ስታየው ፊቷ እንደተለዋወጠ ዛሬም ትዝ ይለኛል። ግን «ምን ሆናችሁ?» አላለችም። «እንኳን ደህና መጣህ፣ ግባ ግባ» ብላ ሳመችው። እኔን ውሃ አሙቂ አለችኝ። እግሩን አጠብኩት። «ተመንደጊ» ብሎ መረቀኝ። በላ፣ ጠላ ተቀዳለት፣ ስለ አዝመራው አወራ። ተኛ። በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ የሰፈር ሽማግሌዎች በራችንን አንኳኩ። እናቴ አባቷ መሞቱን የሰማችው ያን ጊዜ ነው።

መርዶ በሥርዓቱ የሚነገረው ማለዳ፣ ጎረቤት ባለበት፣ ሰው ከተሰባሰበ በኋላ ነው። መንገደኛው ማታ ደርሶ ብቻውን አይናገርም። እና በር ላይ «ምን ጉዳይ ገጠማችሁ?» ተብሎ ቢጠየቅ ምን ይላል? ወይ ይዋሻል፣ ወይ ደጃፍ ላይ ቆሞ ያረዳል። የድሮ ሰው በር ላይ የማይጠይቀው እንግዳውን እዚህ ጣጣ ውስጥ ላለመክተት ነው። ዛሬ ስልክ አለ፤ መርዶው ቀድሞ ሊደርስ ይችላል። ልማዱ ግን ጆሮ ውስጥ ቀርቷል። ለዚያ ነው ጥያቄው ሽማግሌን የሚቆረቁረው።

ታዲያ የቤቱ ባለቤት በስጋት ይሙት ወይ? አይሙት። ለዚህም መላ አለው። ደህና መልእክት ይዞ የመጣ እንግዳ ራሱ ቀድሞ ይናገራል። ሰላምታው መሃል «ለደህና ነው፣ ለደህና ነው» ይላል። ወይም «ሁሉም ደህና ናቸው፣ ሰላም ብለዋችኋል» ይላል። ይህን ስትሰሚ ልብሽ ይረፍ። ካላለ ደግሞ አትቆፍሪ። ባልሽን በዓይንሽ ጥሪው፤ ከሰውየው ጋር ትንሽ ብቻቸውን ይሁኑ።

እሺ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ በሩ ሲንኳኳ ምን ታደርጊያለሽ?

መጀመሪያ እጅሽ ይቅደም፤ አፍሽ ይከተል። የያዙትን ተቀበዪ። ቦርሳውን፣ ፌስታሉን፣ ከመጣም ዶሮውን። የሽማግሌውን ዱላ በሁለት እጅሽ ተቀብለሽ ከበሩ ጀርባ አስቀምጪው። ቀላል ነገር ይመስላል። ዱላውን የተቀበልሽው ሽማግሌ ግን ቤቱ እንደገባ ይሰማዋል። ይዘው የመጡት ቅቤ ወይም ማር ወይም ቆሎ ካለ «ምነው ተቸገራችሁ» ብለሽ ወደ ጓዳ አስገቢው። እዚያው ፊታቸው ፈተሽ ፈተሽ አታድርጊው።

ቤት ውስጥ የተቀመጠ ሰው ካለ፣ ልጆችም ቢሆኑ፣ ይነሱ። «ኖር!» ይባላል። እንግዳው «በእግዜር፣ አይገባም፣ ተቀመጡ» ይላል። ልጆችሽ ስልካቸው ላይ አቀርቅረው «ሃይ» ካሉ የአንቺ ትጋት ሁሉ ግማሹ ፈሰሰ ማለት ነው። አስቀድመሽ አስጠንቅቂያቸው።

ከዚያ ሰላምታው። «እንዴት ናችሁ» ብለሽ አትለፊ። ሳትተያዩ የቆያችሁበትን ጊዜ የሚናገር ቃል አለልሽ። ቀናት ወይም ጥቂት ሳምንታት ከሆነ «እንዴት ሰነበታችሁ»። ክረምቱን ሳትተያዩ ካሳለፋችሁ «እንዴት ከረማችሁ»። በጋው ካለፈ «እንደምን ባጃችሁ»። ይህን የመጨረሻውን አዲስ አበባ ላይ የሚል ሰው እየጠፋ ነው፤ አንድ ጊዜ ብትዪላቸው ግን አጎትየው ቀና ብለው ያዩሻል። የአንቺ ጥቂት ሳምንታት ስለሆነ «እንዴት ሰነበታችሁ» ነው የሚሻልሽ። ከዚያ ልጆቹ፣ ከብቱ፣ አዝመራው፣ ጎረቤቱ። እያንዳንዱ «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚል መልስ ነው የሚያገኘው። ዜና አትጠብቂ። ይህ መረጃ መሰብሰብ አይደለም፤ ሰውየው ትንፋሹን እንዲሰበስብ ጊዜ መስጠት ነው።

ወዲያው መጸዳጃ ቤቱን አሳዪያቸው። ከላይ የነገርኩሽን አስቢ፤ ውሃ የማይጠጡት ለምን እንደሆነ። እሳቸው አይጠይቁሽም። አንቺም «ሽንት ቤት ትፈልጋላችሁ?» ብለሽ ሳሎን መሃል አትጠይቂ። «እጃችሁን የምትታጠቡበት በዚህ በኩል ነው» ብለሽ ምሪያቸው፤ መብራቱን አብሪ፤ ሲፎኑ እንዴት እንደሚሠራ ለሚስትየው ብቻ በቀስታ ንገሪ። ሰፈራችሁ ውሃ በፈረቃ ከሆነ ባልዲና ጆግ አስቀድመሽ ሙዪ።

ቀጥሎ ለብ ያለ ውሃና ሳፋ። እግር ማጠብ ድሮ ቀረ የሚል ሰው አለ። ለአሥራ ምናምን ሰዓት እግሩን አንጠልጥሎ የመጣ ሽማግሌ ግን አልቀረበትም። ጫማቸው ሲወልቅ እግራቸው አብጦ ታያለሽ። ትንሽ ጨው ጣል አድርጊበት፤ እንደ ልማዱ ነው። ልጅሽ ቢያጥባቸው ደስ ይላቸዋል፤ ምርቃቱም ለእሱ ነው። አንቺ ለማጠብ ከከበደሽ ውሃውን አቅርበሽ ፎጣ መያዝ ይበቃል። እሳቸው «ተይው» ሊሉ ይችላሉ። አንዴ «ግድ የለም፣ ደክሟችኋል» በዪ። ሁለተኛ እምቢ ካሉ ተዪያቸው።

እዚህ ላይ ሁለት ጥንቃቄ። ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ሙቀት ላይሰማው ይችላል። ውሃውን በራስሽ ክንድ ለኪው እንጂ «ይሞቃል?» ብለሽ በእሳቸው መልስ አትተማመኚ። ሌላው፣ ረጅም መንገድ የተቀመጠ ሰው ሁለት እግሩ እኩል ቢያብጥና ከፍ አድርጎ ሲያርፍ ቢቀንስ ብዙ ጊዜ የድካም ነው። አንዱ እግር ብቻ አብጦ ባቱ ላይ የሚያም ከሆነ፣ ይልቁንም ትንፋሽ ካጠራቸው ወይም ደረታቸውን ከወጋቸው፣ እሱ የደም መርጋት ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ሥርዓቱን ሁሉ ትተሽ ወዲያው ሐኪም ቤት ነው።

እግራቸው እየታጠበ «ቤት ደውላችሁላቸዋል?» ብለሽ ጠይቂ። ቻርጅ አልቆባቸው ይሆናል፤ የአንቺን ስልክ ስጪያቸው። «ገብተናል» የሚለውን ገጠር ያሉት እየጠበቁ ነው። በእነዚህ ዓመታት መንገዱ የሚያሳስብ ሆኗልና ይህች ስልክ ከራት ትቀድማለች።

ስለ መንገዱ ራሱ ስትጠይቂ «መንገድ እንዴት ነበር?» ካልሽ «ደህና ነበር» ይሉሽና አለቀ። አንድ ነገር ለይተሽ ጠይቂ። «ዓባይ በረሃን በስንት ሰዓት ተሻገራችሁት? ሞቃችሁ?» «መቀመጫው ከፊት ነበር ከኋላ?» «ደብረ ማርቆስ የት አደራችሁ?» ያኔ ወሬው ይመጣል። ሹፌሩ እንዴት እንደነዳ፣ አጠገባቸው የተቀመጠው ሰው ምን እንዳለ፣ አንዷ ሴትዮ ዶሮዋ እንዴት እንዳመለጠቻት። ስሚያቸው። የሚያስፈራ ነገር ገጥሟቸው ከሆነ ራሳቸው ይነግሩሻል፤ ልጆች ፊት አንቺ አታውጣጪ።

ራቱን ከማቅረብሽ በፊት አንድ ጥያቄ ይፈቀድልሻል። ጾም ከሆነ ወይም ረቡዕና ዓርብ ከሆነ «የጾም ላቅርብ?» በያቸው። ከዚህም በላይ፣ ያን ማታ ሁለት ጉርሻ ብቻ የበሉት ተቀይመው ብቻ ላይሆን ይችላል። ቀኑን ሙሉ ያልበላ ሆድ ወዲያው ትልቅ ራት አይቀበልም። መጀመሪያ ውሃ፣ ከዚያ ሻይ ወይም አጥሚት፣ ትንሽ ቆሎ። ራቱ ግማሽ ሰዓት ቢዘገይ ይሻላል። «ብሉልኝ» እያልሽ ማስጨነቁን ቀንሺው፤ አንድ ጉርሻ አጉርሻቸው፤ ይበቃል።

አሁን የቀረው ያ ሪፈር ወረቀት ነው። ቀጠሮው ጠዋት 2 ሰዓት ቢሆንስ? በር ላይ ሳይጠየቅ እንዴት ይሆናል? በቀላሉ። ባልሽ እነሱ ገና ቤታቸው ሳሉ ይደውል። ሪፈር ወረቀቱን፣ የሐኪም ቤት ካርዱን፣ የሚወስዱትን መድኃኒት፣ መታወቂያውን አንድ ፌስታል ውስጥ እንዲያደርጉ ይንገራቸው። የቀጠሮውን ቀንና ሰዓትም ይጻፈው። ያን ጊዜ በር ላይ የሚጠየቅ ነገር አይኖርም። ያን ማታ ስትጠይቂ የነበረው በስልክ አልቆ ማደር የነበረበትን ነው።

ሆኖም የሆነ ነገር ከጎደለ ከራት በኋላ አንሺው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ማንሳት አያስፈልግሽም። ቡናው ሲፈላ፣ አቦል ተጠጥቶ ቶና ላይ ሲደረስ፣ አጎትየው ጉሮሯቸውን ጠረግ ያደርጋሉ። ጋቢያቸውን ያስተካክላሉ። «እንግዲህ ያው የመጣንበት…» ይላሉ። በሩ ተከፈተ ማለት ነው። ማታ ቡና የማታፈዪ ከሆነ ሻዩ ላይ ይሆናል። እሳቸው ሳይጀምሩ ከመሸ ደግሞ «ነገ ጠዋት ስንጣደፍ እንዳንረሳ ብዬ ነው» ብለሽ ጀምሪ። «ወረቀቱን አሁን ቦርሳው አፍ ላይ እናድርገው?» በያቸው። ሥራው ያው ነው፤ ግን ጠያቂና ተጠያቂ አልሆናችሁም፤ አብራችሁ እየተሰናዳችሁ ነው። ስንት ቀን እንደሚቆዩ ማወቅ ካስፈለገሽ ባልሽን ጠይቂው። እሱም ካላወቀ ሐኪሙ የሚቀጥለውን ቀጠሮ ሲሰጥ ይታወቃል።

አንቺም ከሥራ ደክመሽ ትገቢያለሽ፤ አውቃለሁ። ይህን ሁሉ ብቻሽን አድርጊ አላልኩሽም። ያን ቀን ራቱን ጠዋት ሠርተሽ ውጪ። ሳፋውና ውሃው የልጅሽ፣ መናኸሪያው የባልሽ ይሁን። ለአንቺ የሚቀርሽ ዱላውን መቀበልና ወሬውን መስማት ነው።

ያለፈውን ለማስተካከል እስኪመጡ አትጠብቂ። ደውዪ። ለአጎትየው አይደለም፤ መጀመሪያ ለሚስታቸው። ማብራሪያ አታብዢ፤ «ለመርዳት ብዬ ነበር» ማለት ቢቀርብሽ ይሻላል፤ ጥፋቱን ወደ እነሱ ይመልሰዋል። «እትዬ፣ በቀደም ደክሟችሁ ስትመጡ ሳላሳርፋችሁ በጥያቄ አጣደፍኳችሁ፤ ጋሼንም ቅር አሰኘኋቸው፤ ይቅር በሉኝ» በዪ። «ምን አጠፋሽ ልጄ» ይሉሻል። ቀጥለሽ «ስትመጡ ከመናኸሪያ የሚቀበላችሁ ሰው አለ፤ ሌላ ቤት እንዳትሄዱብኝ» በያቸው። እሳቸው ለጋሼ ያደርሱታል፤ በመካከል ቆመው ከአንቺ አሳምረው ያደርሱታል።

ለመደወል ማታ 1 ሰዓት አካባቢ ይመቻል፤ ከብቱ ገብቶ፣ ራት ሳይቀርብ። ኔትወርክ ካስቸገረሽ ጠዋት ሞክሪ፤ ቅዳሜ ግን አይሁን፣ ገበያ ከሆነ ላታገኚያቸው ትችያለሽ።